ያለፈ ትዳሬን መቼ ልንገረው? ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ነው ወይስ ከዚያም ቀደም ብሎ?

ሰሚት አካባቢ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 31 ሲሆን የምኖረው አዲስ አበባ ነው፤ በአንድ የግል ድርጅት በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማዘጋጃ ቤት ተፈራርሜ አግብቼ ነበር። ትዳሩ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በፍርድ ቤት ፈርሷል፤ ልጅም ንብረትም አላገናኘንም። የተለያየነው ይመታኝ ስለነበር ነው። በመጨረሻዎቹ ወራት እርጉዝ ሆኜ ፅንሱ ወርዶብኛል። ይህን የመጨረሻውን ከእናቴና ከአንድ ጓደኛዬ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም።

አሁን ከአንድ ሰው ጋር ከተዋወቅሁ ሦስት ወር ገደማ ሆኖኛል። ረጋ ያለ፣ የሚያዳምጥ ሰው ነው። መጀመሪያ ላይ «ከዚህ በፊት ጓደኛ ነበረሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «ነበረኝ፣ አልሆነም» ብዬ አልፌዋለሁ፤ ዋሽቻለሁ ለማለትም፣ እውነቱን ተናግሬያለሁ ለማለትም ያስቸግረኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ብልክ ቤተሰቦችሽ ምን ይላሉ?» አለኝና እንቅልፍ አጣሁ።

እህቴ ቀለበት ከታሰረ በኋላ ንገሪው ትላለች፤ ምክንያቷም ያን ጊዜ ትቶኝ ለመሄድ ይከብደዋል የሚል ነው። ጓደኛዬ በበኩሏ አግብተሽ እንደነበር ንገሪው፣ ዱላውን ግን ለማንም አታንሺ ትላለች። እኔ የምጠይቀው መቼ መንገር እንዳለብኝና ምን ያህሉን መንገር እንዳለብኝ ነው።

የአራዳው ልጅ

እህቴ፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ሁሉንም ዘርግፈሽ መንገር ነበረብሽ። የሚሄድ ይሄዳል፤ የሚቀር ይቀራል። አሁንም ቢሆን ሳትነግሪው ከተጋባችሁ ነገሩ ከሐሜት ያለፈ መዘዝ አለው፤ የቤተሰብ ሕጉ በስሕተት የተሰጠ ፈቃድ ትዳርን ያፈርሳል ስለሚል ነገ ተነሥቶ «ያገባች መሆኗን አላውቅም ነበር» ቢል ፍርድ ቤት ጋብቻችሁን ይሽረዋል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ከማደሩ በፊት ራስሽ አጥሪው።

ወይዘሮ ዘ.

ለብዙ ዓመታት ለሚጋቡና ለተጋቡ ሰዎች የምክር አገልግሎት ስሰጥ የቆየሁ ነኝ፤ የአንቺን ዓይነት ጥያቄ ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ሁለቱን ጥያቄዎችሽን ለየብቻ እመልሳቸዋለሁ፤ ምክንያቱም «መቼ» የሚለው በእሱ መብት፣ «ምን ያህል» የሚለው ደግሞ በአንቺ መብት የሚወሰን ነው።

አንድ ሰው ሊያገባሽ ሲወስን ውሳኔውን ሊለውጡ የሚችሉ ነገሮችን የማወቅ መብት አለው። ቀድሞ የነበረ ትዳር፣ ልጅ፣ ያልተዘጋ የፍርድ ቤት ክርክር፣ ከባድ ዕዳ፣ የሚቆይ ሕመም፣ እስካሁን የሚያስፈራራ የቀድሞ ባል ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። እነዚህን መንገር ያለብሽ እሱ ቃሉን ከማሰሩ በፊት ሲሆን፣ በእኛ አገር ቃል የሚታሰረው ሽማግሌ ሲላክ ነው። አጎቱና የሰፈሩ ትልልቅ ሰዎች አባትሽ ቤት ገብተው ተቀምጠው፣ ቀን ከተቆረጠ በኋላ ቢነገረው «አልፈልግም» ማለት የሁለት ቤተሰብ ውርደት ይሆንበታል። እህትሽ «መሄድ ይከብደዋል» ያለችው ትክክል ነው፤ ነገር ግን መሄድ ከብዶት የቀረ ሰው ከጊዜ በኋላ ቅሬታውን ማንሣቱ አይቀርም፤ ብዙ ጊዜም የሚያነሣው ልጅ ከተወለደ በኋላ፣ በሌላ ጉዳይ በተጣላችሁበት ምሽት ነው።

በሌላ በኩል «የመጀመሪያው ቀን ላይ ዘርግፊው» የሚለውን ምክር አልቀበልም። በዱላ ያለፈች ሴት በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉንም ስትናገር ሁለት ነገሮች ይገጥሟታል። አንደኛው የራሷ ነው፤ መናገር ከጀመረች ማቆም ያቅታታል፣ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ በማግሥቱ ታፍርና ሰውየውን ላለማየት ትሸሸዋለች፤ ሰውየው ምንም ሳያጠፋ ግንኙነቱ እዚያ ያበቃል። ሁለተኛው የባሰ ነው። ቻይ ሴት የሚፈልጉ ወንዶች አሉ። «ሁለት ዓመት ተመትታ ዝም ብላ ኖራለች» የሚለው ወሬ ደግ ሰው ጆሮ ሲደርስ ያሳዝናል፤ እንደዚያኛው ባልሽ ያለ ሰው ጆሮ ሲደርስ ግን ምን ያህል እንደምትችዪ ይነግረዋል። ስለዚህ ሰውየውን ሳታውቂ ዝርዝሩን መስጠት በራሱ አደጋ አለው።

ሦስት ወር ካዳመጠሽና የሽማግሌን ነገር ካነሣ፣ በእኔ ግምት ትዳሩን የመንገሪያው ጊዜ አሁን ነው፤ እስከ ፋሲካ አታቆዪው። ዱላውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መናገር ይበቃል። ፅንሱን በሚመለከት ግን ጊዜውን የምትወስኚው አንቺ ነሽ፤ ከዓመት በኋላ ብትነግሪውም፣ ጭራሽ ባትነግሪውም ደብቃኛለች ሊል የሚገባው አይመስለኝም።

ጋሽ ተሾመ

ልጄ፣ ሰው ሲመታሽ ኖሮ ወደ እሱ መመለስ ምን ይሉታል? ሽማግሌ ቢልክም እንኳ እሺ እንዳትዪ። እኔ በሽምግልና ሳስታርቅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ አንዴ እጁን ያነሣ ሰው በሽማግሌ ፊት ምሎ ተገዝቶ ሲያበቃ ሲደግም አይቻለሁ።

ሰሚት አካባቢ (ጠያቂ)

ጋሽ ተሾመ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሽማግሌ ልላክ ያለው ግን ሌላ ሰው ነው። ከቀድሞው ባሌ ጋር ከተፋታን ወዲህ በስልክም አልተነጋገርንም።

ወይዘሮ ዘ.፣ ለሰጡኝ ምላሽ ከልብ አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ፤ ስለ ዱላው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሬ እንዴት ላቆም እችላለሁ? «ለምን ተለያያችሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ጋሽ ተሾመ

ይቅርታ ልጄ፣ መነጽሬን ሳላደርግ ነው ያነበብሁት። እንግዲያውስ ከወይዘሮዋ ጋር እስማማለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፤ የላኪው ወገን ሽማግሌዎች እኮ ከመምጣታቸው በፊት ያጠያይቃሉ። ስለ ልጅቷ ሳይጠይቅ የሚመጣ ሽማግሌ አላውቅም። እሱ ከአንቺ አፍ ካልሰማው ከአጎቱ አፍ ይሰማዋል።

ወይዘሮ ዘ.

ልክ ነው፣ ይጠይቃል። ለዚህ የሚረዳው አስቀድሞ ጮክ ብሎ መለማመድ ነው። እናትሽ ወይም ያች የምታውቀው ጓደኛሽ ፊት ተቀምጠሽ ተናገሪው። በሦስትና በአራት ዓረፍተ ነገር ተናግረሽ ትንፋሽ ሳያጥርሽ መጨረስ ከቻልሽና በማግሥቱ እንደ ወትሮሽ ሥራ መግባት ካላቃተሽ ዝግጁ ነሽ። ካልቻልሽ ትዳሩን ብቻ ንገሪውና የተለያያችሁበትን ምክንያት በሌላ ቀን እንደምትነግሪው ገልጸሽ እለፊው።

ቃላቱን በራስሽ አነጋገር ብታደርጊያቸው ይሻላል፤ ለምሳሌ ያህል ግን እንዲህ ልትዪ ትችያለሽ፦ «ሽማግሌ ስለ መላክ አንሥተህ ነበር፤ ከዚያ በፊት ማወቅ ያለብህ ነገር አለ። ከዚህ በፊት አግብቼ ነበር፤ በፍርድ ቤት ተፋተናል፤ ልጅ የለንም። የተለያየነው ይመታኝ ስለነበር ነው። የቀረውን ስችል እነግርሃለሁ፤ ዛሬ ግን ከዚህ አላልፍም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር አትተዪያት፤ ወሰኑን የምታበጅልሽ እሷ ናት። ሲጠይቅሽም ሌላ ቃል ሳትፈልጊ ያችኑ ድገሚያት።

ቦታውም የራሱ ድርሻ አለው። እሱ መኪና እየነዳ ባይሆን ጥሩ ነው፤ መውረድ ብትፈልጊ አትችዪም፣ ፊቱንም አታዪውም። በስልክ መልእክት አትጻፊው፤ የተጻፈ ነገር ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው ይሄዳል። በቀን፣ ሰው ባለበት ነገር ግን ወሬው በማይሰማበት ቦታ፣ የራስሽን የታክሲ ገንዘብ ይዘሽ ይሁን።

የሚመልሰውን ነገር በጥንቃቄ አዳምጪ። ዝም ማለቱ መጥፎ ምልክት አይደለም፤ ብዙ ወንዶች መጀመሪያ ዝም ይላሉ። «ጥቂት ቀን ስጪኝ» ማለቱም መጥፎ ምልክት አይደለም። «አሁን ደህና ነሽ? ያ ሰው የት ነው ያለው?» ካለ ስለ አንቺ እያሰበ ነው። «ምን አድርገሽው ነው የመታሽ?» ካለ ግን ያን ጥያቄ አትርሺው። አንድ ጊዜ በድንጋጤ ሊያመልጠው ይችላል፤ ከሳምንት በኋላ ተረጋግቶ ከደገመው የሚያምንበት ነገር ነው ማለት ነው።

የዱባይ ተመላሽ

እኔ የራሴን ልናገር። ዐረብ አገር ሠርቼ ስመለስ የሰባት ዓመት ልጅ ነበረችኝ፤ ሰሜን ሸዋ እናቴ ዘንድ ነበር የምታድገው፤ እናቴን ነው «እማዬ» የምትላት። አሁን ባሌ የሆነውን ሰው ስተዋወቅ ቤተሰቦቼ «ልጅቷ እህትሽ ናት በዪ» አሉኝ። በሁለተኛው ወር ነገርኩት። የነገርኩት ከእኔ ቅንነት የተነሣ አልነበረም፤ ልጅቷ ታማ እየደወሉልኝ ስለነበርና ማልቀሴን መደበቅ ስላልቻልኩ ነው። ልጅ መኖሯን ተቀበለው። ዐረብ አገር አሠሪዬ ቤት የደረሰብኝን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም፤ አይጠይቅም፣ እኔም አልናገርም። አንዳንድ ጊዜ የሚያውቅ ይመስለኛል። ወይዘሮ ዘ. ጭራሽ ባትነግሪውም ትክክል ነው ማለታቸውን ሳነብ ቀለለኝ፤ ግን እውነት ነው ወይ? ሌሊት ስባንን «ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል፤ «ምንም» እለዋለሁ።

ወይዘሮ ዘ.

እህቴ፣ ያንቺ ከጠያቂዋ በአንድ ነገር ይለያል። ሌሊት የምትባንኚ ከሆነ ነገሩ እሱ ዘንድም ደርሷል፤ ምክንያቱን አያውቅም እንጂ ፍርሃትሽን ያያል። እንዲህ ሲሆን ዝርዝሩን ሳትናገሪ «ሌሊት የምባንነው ዐረብ አገር በደረሰብኝ ነገር ነው፤ ከአንተ ጋር አይገናኝም» ማለት ትችያለሽ። በእሱ ምክንያት እየመሰለው እንዳይኖር ያህል ነው። ለዝርዝሩ ግን ከባል ይልቅ የሥነ ልቦና ባለሙያ ይሻላል፤ ባል ሰምቶ ሲናደድ፣ ሰምቶ ሲያለቅስ፣ አንቺ መልሰሽ እሱን ስታጽናኚ ትገኛለሽ።

ሕግ ተማሪ ነበርኩ

የአራዳው ልጅ ስለ ሕጉ ያነሣው ግማሹ ትክክል ነው። በአዲስ አበባና በድሬዳዋ የሚሠራበት የ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ በአንቀጽ 13 መሠረታዊ ስሕተት የጋብቻን ፈቃድ እንደሚያበላሽ ይናገራል። ይሁን እንጂ አንቀጹ መሠረታዊ ስሕተት ናቸው ብሎ የዘረዘራቸው ጥቂት ናቸው፤ የተጋቢው ማንነት፣ የማይድን ወይም በዘር የሚተላለፍ በሽታ፣ ለግብረ ሥጋ ግንኙነት የሚያስፈልግ የአካል ክፍል አለመኖርና ከተመሳሳይ ፆታ ጋር ግንኙነት የመፈጸም ልማድ። በሕግ ፈርሶ ያለቀ የቀድሞ ትዳርን አለመናገር ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። ብዙ ክልሎች የየራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ባሕር ዳር ወይም መቐለ የሚጋባ ሰው የዚያን ማየት ይኖርበታል።

ሕጉ ባያስገድድሽም ወረቀቱ ያጋልጥሻል። ጋብቻ ለማስመዝገብ ወሳኝ ኩነት ስትሄዱ ከማንኛውም ጋብቻ ነጻ መሆናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ ትጠየቃላችሁ፤ ቀድሞ ያገባ ሰው ደግሞ የፍቺውን ውሳኔ ያቀርባል። ጎን ለጎን ቆማችሁ ነው ወረቀት የምትሰጡት። እዚያ መስኮት ላይ እንዲሰማው እንደማትፈልጊ እገምታለሁ።

የአራዳው ልጅ

ዝርዝሩ ውስጥ አለመኖሩን እቀበላለሁ። ግን ማታለልስ? ሆን ብሎ ጠይቋት «ጓደኛ ነበረኝ» ብላ ባል የነበራት መሆኑን ብትሸሽገው ዳኛው ዝም ይላል?

ሕግ ተማሪ ነበርኩ

እስከማውቀው ድረስ እንዲህ ባለ ምክንያት ብቻ ከመሻር ይልቅ ባለጉዳዩ ፍቺ እንዲጠይቅ ነው የሚነገረው። ስለ ሁሉም ችሎት ግን መናገር አልችልም። ለማንኛውም የእሷ ጥያቄ ይህ አይደለም።

ዲያቆን ነኝ

ጠያቂዋ «ከፋሲካ በኋላ» ማለቷን አይቼ ኦርቶዶክሳዊት ትሆናለች ብዬ ገምቻለሁ። በቤተ ክርስቲያን መጋባት ካሰባችሁ ጉዳዩ ከሽማግሌውም ቀድሞ ሊነሣ ይችላል። ተክሊል ሥርዓቱ ለደናግል ነው፤ ቀድሞ ትዳር የነበረው ሰው የሚጋባበት ሥርዓት ሌላ ነው፤ ቅዱስ ቁርባኑን ግን ንስሐ ገብቶ ይቀበላል። ስለዚህ እሱ «ተክሊል እናድርግ» ብሎ በደስታ ለቤተሰቡ ከነገረ በኋላ አንቺ «አይሆንም» ስትዪ ምክንያቱን በሰው ፊት ትጠየቂያለሽ። አስቀድመሽ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና የሚስማማውን ሥርዓት ይንገሩሽ። ንስሐ አባት የሰሙትን አያወጡም፤ ለልጁ ንገሩልኝ ብለሽ ግን አትላኪያቸው።

ወንድ ነኝ፣ ተነግሮኝ አውቃለሁ

ከወንድ በኩል ያለውን ልናገር። ባለቤቴ ከእኔ በፊት አግብታ እንደነበር የነገረችኝ በአምስተኛው ወር ላይ ነው። ከትዳሩ ይልቅ ያበገነኝ፣ ጓደኛዋ ሲያውቅ፣ የሥራ ባልደረባዋ ሲያውቅ፣ እኔ የመጨረሻው ሰሚ መሆኔ ነው። አብረን ስንቀመጥ ሁሉም እያወቁ እኔን ሲያዩኝ እንደነበር ሳስብ ደሜ ፈላ። ጠያቂዋ ልብ ልትለው የሚገባው ይህ ይመስለኛል፤ እሱ ከሚያውቃቸው ሰዎች መካከል ስለ አንቺ ትዳር የሚያውቅ አለ? ካለ ጊዜ የለሽም።

ደግሞም በዱላው ጉዳይ ከወይዘሮ ዘ. ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። እኔ ሳላውቅ አንድ ቀን ቀልድ መስሎኝ እጄን ከፍ ሳደርግ ባለቤቴ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ዝርዝሩን ቀድሜ ባውቅ እንዲያ አላደርግም ነበር። «ስችል እነግርሃለሁ» ብሎ ማቆየት ለእሷ ይመች ይሆናል፤ አብሯት የሚኖረው ሰው ግን በጨለማ ይሄዳል።

ወይዘሮ ዘ.

ያነሡት እውነት ነው፤ የሚያስደነግጣትን ነገር ማወቅ ያስፈልግዎት ነበር። ይህን ለማወቅ ግን ያለፈውን ታሪክ ሁሉ መስማት የግድ አይደለም። «እጅ ሲነሣብኝ፣ በር ተቆልፎ ሲጮህብኝ እደነግጣለሁ» ማለት የዛሬን ነገር መናገር ነው፤ የት፣ መቼ፣ በምን ተመታሽ ወደሚለው ሳይገባ አብሮ ለሚኖር ሰው ይበቃል። ልዩነታችን ከዚህ አያልፍም ብዬ አስባለሁ።

ወንድ ነኝ፣ ተነግሮኝ አውቃለሁ

ምናልባት። እኔ ግን ሁሉንም በማወቄ ነው የተረጋጋሁት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ

በውጭ አገር ላሉት አንድ ነገር ልበል። አሜሪካ ሆነው አገር ቤት ካለ ሰው ጋር በስልክ የሚተጫጩ ብዙዎች «በአካል ስንገናኝ እነግረዋለሁ» እያሉ ያቆዩታል። የእጮኛ ቪዛ ማመልከቻ ግን የሁለቱንም የቀድሞ ትዳር ይጠይቃል፤ መፍረሱን የሚያሳይ ማስረጃም አብሮ ይያያዛል። በስልክ መንገር ጥሩ እንዳልሆነ ይገባኛል፤ ቢያንስ ፊት ለፊት በሚታይበት በቪዲዮ ጥሪ ይሁን እንጂ ቅጹ እስኪሞላ አይጠበቅ።

ሰሚት አካባቢ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነገርኩት። ወይዘሮ ዘ. የጻፉትን ለጓደኛዬ ደጋግሜ ስነግራት ስለነበር ቃሉ አልጠፋኝም፤ ድምፄ ግን መሃል ላይ ተሰብሮ ነበር። «አግብቼ ነበር» ስለው የማኪያቶውን ማንኪያ ሳያስቀምጥ ቆየ። ከዚያ «ጓደኛ ነበረኝ ያልሽኝ እሱን ነው?» አለኝ። «አዎ፣ ያን ቀን ለመንገር ገና አላውቅህም ነበር» አልኩት። ስለ ዱላው ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «አዲስ አበባ ነው ያለው?» ብሎ ነው። ሌላ ዝርዝር አልጠየቀኝም፤ ስንለያይ «ላስብበት» አለኝ። እሁድ ማታ ደውሎ ስለ ሥራና ስለ መብራት መጥፋት እንደ ወትሮው አወራን። ስለ ሽማግሌው ግን አላነሣም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ፅንሱን አልነገርኩትም። አሁን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው፤ ለእናቱ ማን ይንገራቸው? እኔ ነኝ ወይስ እሱ?

ጋሽ ተሾመ

እሱ ነው ልጄ። እናቱን የሚያውቃቸው እሱ ነው፤ እንዴት እንደሚነግራቸውም እሱ ይወቅበት። የምትጠይቂው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ከመነሣታቸው በፊት እናቱ ይወቁ። ትዳሩን እንጂ ዱላውን ለእናቱ መንገር አያስፈልግም።

የዱባይ ተመላሽ

ጋሽ ተሾመ፣ እኔ በዚህ አልስማማም። የባሌ እናት ልጅ እንዳለችኝ ከባሌ ሰምተው «ለምን ራሷ አልነገረችኝም?» ብለው ለረጅም ጊዜ አኩርፈውኝ ነበር። እሱ ይጀምረው፤ ከዚያ ግን አንቺም ቡና ላይ ቁጭ ብለሽ ራስሽ ንገሪያቸው።

ወይዘሮ ዘ.

ለእናቱ ከመድረሱ በፊት እሱ «ላስብበት» ያለውን ይጨርስ። በዚህ ሳምንት ካላነሣው አንቺው «ምን አሰብህ?» ብለሽ ጠይቂው፤ አጣድፊው ማለቴ ግን አይደለም። ለእናቱ ምን ያህሉን እንደሚነግር ደግሞ ከመናገሩ በፊት ከአንቺ ጋር ይስማማ፤ ስለ ዱላው ያለ ፈቃድሽ ለእናቱ ከተናገረ፣ ፅንሱን ለመንገር መቸኮል እንደሌለብሽ ከዚያ ታውቂያለሽ።